ሌሊት 11 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ለድረ ገጽ፣ ለሞባይልና ለስልክ ጥሪ በአንድ ደንብ ፕሮምፕት ማጻፍ

አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ያለው ቢሯችን በር ላይ አንድ ደንበኛ ሻንጣውን ይዞ ቆመ። ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ወደ ደባርቅ የሚሄደውን መኪና ፈልጎ ነው የመጣው። መኪናው ግን የተነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ከሄደ ድፍን 12 ሰዓት ሆኖታል።

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?» አልነው። «ደውዬ ጠይቄ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተባልኩ» አለ። ቅጂውን ከፍተን ሰማነው። እውነቱን ነው። በስልክ የሚመልሰው ቦት «መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል» ብሎታል። ሌሊት ይሁን ቀን አላለም። ያንኑ ጥያቄ ድረ ገጹ ላይ ስንጠይቅ `5:00 AM` አለን። የሞባይል አፑ ደግሞ `5:00` ብቻ። ይህን ያነበበ ያገሬ ሰው ረፋድ 5 ሰዓት ነው ብሎ ቁርሱን በልቶ ይመጣል። አንድ መኪና፣ ሦስት መልስ፣ ሦስት የተለያየ ሰዓት።

ጥፋቱ የቦቱ አልነበረም። የሦስቱን ቦቶች ፕሮምፕት ሦስት ሰዎች በሦስት ጊዜ ነበር የጻፏቸው። ፕሮምፕት የምለው ቦቱ ከደንበኛ ጋር ማውራት ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠውን የማስጀመሪያ መመሪያ ነው፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን መናገር እንዳለበት። ከዚያ በኋላ የደንበኛ አገልግሎት ቡድኑን እንደገና አሠለጠንኩ። ስድስት ናቸው፤ አንዳቸውም ፕሮግራመር አይደሉም። ሥራችን ወደ ሰሜን ተራሮች መኪናና አስጎብኚ ማዘጋጀት፣ ለጥምቀት ደግሞ ክፍል መያዝ ነው። ያደረግነውን በየደረጃው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መቀስ

ሦስቱን የድሮ ፕሮምፕቶች በወረቀት አትሙ። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በመቀስ ለየብቻ ቁረጡት። አትሳቁ፣ ስክሪን ላይ ስንሞክረው ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ቁልቁል ያነባል እንጂ አይከራከርም። ቁራጩን በእጁ ሲይዝ ግን «ይሄ የት ነው የሚገባው?» ብሎ ይጠይቃል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ይኑር። አንዱ «ደንብ»፣ ሌላው «መልክ»። ደንብ ማለት ደንበኛው በየትም በኩል ቢመጣ እውነት የሆነ ነገር ነው፤ ዋጋ፣ ስረዛ፣ ሰዓት፣ ማንን እንዴት እንደምናናግር። መልክ ማለት ያ ደንብ በዓይን ወይም በጆሮ እንዴት እንደሚደርስ ነው። መለያው ቀላል ነው። መስመሩን ዓይኑን ጨፍኖ ለሚያዳምጥ ሰው አንብቡለት። «ቁልፍ»፣ «ከታች»፣ «ሰንጠረዥ» የሚል ቃል ካለበት መልክ ነው።

ችግሩ ሦስተኛ ክምር መፈጠሩ ነው። «የስረዛ ክፍያውን ለማወቅ ከታች ያለውን ሰንጠረዥ ይመልከቱ በል» የሚለው የት ይግባ? ግማሹ ደንብ፣ ግማሹ መልክ ነው። የእኛ መስመሮች ሩብ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ድብልቅ ሆነው ተገኙ። የሚያጣሉን መልሶችም የመጡት በአብዛኛው ከነሱ ነበር። ድብልቁን ለሁለት ክፈሉት። «ስለ ስረዛ ሲጠየቅ ክፍያው ይነገር» ወደ ደንብ፣ «ዋጋን በሰንጠረዥ አሳይ» ወደ ድረ ገጹ መልክ። ለዚህ ግማሽ ቀን መድቡ። አትቸኩሉ፤ የቀረው ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ ነገር ልጨምር። «አንተ» ወይስ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውን ሦስቱ ፕሮምፕቶች ሦስት ዓይነት ጽፈውት ነበር። አማርኛ ግሡ ላይ ጾታ ስላለ፣ ቦቱ የደዋዩን ጾታ እየገመተ ሴቲቱን «ትፈልጋለህ?» ሲላት ተገኝቷል። ይህ ደንብ ነው። በሁሉም በር፣ በድረ ገጹም በአፑም በስልኩም፣ «እርስዎ»። አለቀ።

ደንቡን መጻፍ፦ መቼ፣ ምን፣ ለምን

ሁሉም ደንብ ሦስት ነገር ይኑረው። መቼ ይሠራል፣ ምን ይደረግ፣ ለምን። የሰዓቱን ደንብ ቡድኑ እንዴት እንዳሻሻለው ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ «ሰዓትን በትክክል ግለጽ» የሚል ነበር። ይህ ምንም አይልም። «አሥራ አንድ ሰዓት» ያለው ቦትም በራሱ ቤት በትክክል ገልጿል። ሁለተኛው «ሰዓትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ተናገር» ሆነ። የማታ ተረኛዋ ልጅ ወዲያው ያዘችው። «ፈረንጁስ? ሌሊት 11 ሲባል ሊተኛ ሲል ነው እንዴ ሻንጣውን ይዞ የሚወርደው?» ልክ ነች። ሦስተኛው ይህን መሰለ፦

```
ሰዓት
መቼ፦ የመነሻ፣ የመድረሻ ወይም የቀጠሮ ሰዓት ስትናገር።
ምን፦ የቀኑን ክፍል (ሌሊት፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ) ከሰዓቱ ጋር ተናገር።
  ሌሊት ከሆነ የየትኛው ቀን አጥቢያ እንደሆነ ጨምር።
  ደንበኛው የውጭ አቆጣጠር ከተጠቀመ ሁለቱንም አቆጣጠር ስጥ።
ለምን፦ "11 ሰዓት" ሌሊትም ቀንም ሊሆን ይችላል።
  በተሳሳተ ሰዓት የመጣ ሰው መኪናው ያመልጠዋል።
```

«አጥቢያ» የምትለው ቃል የገባችው በክርክር ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ሲባል ግማሹ ሰው ቅዳሜ ከመንጋቱ በፊት ያለውን ሌሊት፣ ግማሹ ቅዳሜ መሽቶ ያለውን ሌሊት ይረዳል። «ለቅዳሜ አጥቢያ» ካልን ግን የሚሳሳት የለም። ይህን የነገረችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ሰው ሳይሆን ስልክ የምታነሳው ልጅ ናት። ቡድኑን ማሠልጠን የሚያዋጣውም ለዚሁ ነው፤ ደንበኛ የት ላይ እንደሚደናገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንዱ ልጅ «ለማሽን ምክንያት መናገር ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ፣ ደንብ ሁሉን ነገር ዘርዝሮ አይጨርስም። ከላይ ያለው ደንብ ስለ ቢሮ መዝጊያ ሰዓት አንድም ቃል የለውም። ደንበኛው ግን «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» ይላል። «12 ሰዓት» የሚለውም እንደዚያው ንጋትም ምሽትም ነው። ምክንያቱ ከተጻፈለት ቦቱ ሐሳቡን ወደዚያም ይወስደዋል፤ «ማታ 12 ሰዓት» ይላል። ምክንያቱን አጥፍተን ስንሞክረው አንዳንዴ ይላል፣ አንዳንዴ ይረሳል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ጩኸት ነው። ሰው አንዴ ከተበሳጨ በኋላ ፕሮምፕቱን «ግዴታ!»፣ «ፈጽሞ እንዳትረሳ!» በሚል ይሞላዋል። የሰዓቱን ደንብ አንድ ጊዜ እንዲህ ጽፈነው ነበር። ቦቱ «አመሰግናለሁ» ላለው ደንበኛ ሳይቀር የመነሻ ሰዓቱን ከነአጥቢያው እንደገና ይዘረዝርለት ጀመር። በተራ አነጋገር ምክንያቱን ስንጽፍለት ተወው።

ሦስቱ መልኮች

አሁን ደንቡ `rules.txt` በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ በር ደግሞ አጭር የመልክ ጽሑፍ ይዘጋጃል። ከሦስቱ ከባዱ የድምፁ ነው፤ ጊዜያችሁን እሱ ላይ አጥፉ።

```
ይህ ንግግር በስልክ ነው። የምትጽፈው ሁሉ በማሽን ድምፅ ይነበባል፤
ስለዚህ የጽሑፍ ማድመቂያ ኮከብ፣ ሊንክና ሰንጠረዥ ጆሮ ላይ ትርጉም የላቸውም።
ቁጥርን በፊደል ጻፍ። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ።
የደንበኛው ንግግር በማሽን ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ ነው የሚደርስህ፤
ስህተት ሊኖረው ይችላል። ቀን፣ ሰዓትና ብዛት ሲነገርህ
መልሰህ ተናገርና አረጋግጥ።
```

ልብ በሉ፤ «ኮከብ አትጠቀም» አላልንም። ሁኔታውን ነገርነው። የሚያወራው በስልክ እንደሆነ ካወቀ፣ «ይህን ይጫኑ» ማለት እንደማያስኬድ ራሱ ይደርስበታል፤ እኛ ያላሰብነውንም ይጨምርበታል። መልሶ የማረጋገጡ ነገር ከልምድ የመጣ ነው። መስመር ሲንኳኳ «ሰባት» እና «ሰባ» ይቀራረባሉ። ሰባት ሰው ይዞ የሚመጣ አስጎብኚ ሰባ ሰው ተብሎ ቢመዘገብ አስቡት።

የሞባይሉ አጭር ነው። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ አንቀጹ ይጠር፣ ሰንጠረዥ አይኑር። የእኛ አፕ ጽሑፍን አድምቆ ማሳየት ስለማይችል የኮከብ ምልክቱ እንዳለ ይወጣል፤ ስለዚህ ተራ ጽሑፍ ብቻ። የናንተ አፕ ይችል ይሆናል፤ ፕሮምፕቱን ከመጻፋችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አይታችሁ አረጋግጡ። ድረ ገጹ ሰንጠረዥም ሊንክም ይችላል፤ እሱ ብዙ አያደክምም።

ከዚያ ደንቡን ከመልኩ ጋር ማጣበቅ ነው። እጅ የሚሠራው ቅጂ አይኑር፤ ሦስት መስመር ይበቃል፦

```
cat rules.txt web.txt > prompt_web.txt
cat rules.txt mobile.txt > prompt_mobile.txt
cat rules.txt voice.txt > prompt_voice.txt
```

በ`prompt_` የሚጀምሩትን ፋይሎች ማንም ከፍቶ አያርምም። የሚታረመው ምንጩ ነው። «ቆይ ይቺን አንዲት ቃል ብቻ» የሚለው ሰው ነው መጀመሪያ ሦስት የተለያየ ሰዓት ያመጣብን።

መልኩ ደንቡን ሲበላው

ይህን ሁሉ አድርገን ተሳሳትን። የስረዛ ደንባችን እንዲህ ነው። ከመነሻው 72 ሰዓት በፊት የሰረዘ ሙሉ ብሩ ይመለስለታል። ከጥር 8 እስከ 13 ላሉት ቀናት የተያዘ ክፍል ብሩ ግን አይመለስም፤ ጥምቀት ነው፣ ከተማው ይሞላል። ደንቡ አንድ ነው፣ ሦስቱም ቦቶች ውስጥ አለ። ሆኖም በስልክ የደወለች ሴት «ክፍል ይዤ ነበር፣ ብሰርዝ ብሬን አገኛለሁ?» ስትል ቦቱ «አዎ፣ ከሰባ ሁለት ሰዓት በፊት ከሰረዙ ሙሉ ይመለሳል» አላት። ክፍሉን የያዘችው ለጥር 10 ነበር። ለከተራ።

ያኔ የድምፁ መልክ ውስጥ «ከሁለት ዓረፍተ ነገር አትለፍ» የሚል መስመር ነበረ። ቦቱ ታዘዘ። ለማሳጠር ደግሞ የቆረጠው ጅራቱን ነው። ጅራቱ ላይ ያለው «ግን» ነበር። ድረ ገጹ ላይ ያው ጥያቄ ሁለቱንም ሁኔታ ዘርዝሮ ይመልስ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብነው «በድምፅ ሲሆን የጥምቀቱን ነገር አትርሳ» ብለን ለመጨመር ነው። ይህ ማጣበቂያ ነው፤ ነገ ሌላ «ግን» ይቆረጣል። ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ስልክ ላይ ያለች ልጅ ሁሉንም ሁኔታ አትዘረዝርም። «ለመቼ ነው የያዙት?» ብላ ትጠይቃለች። ስለዚህ ደንቡ ላይ ይህን ጨመርን፦

```
ስረዛ
መቼ፦ ደንበኛው ብር ይመለስ እንደሆነ ሲጠይቅ።
ምን፦ ክፍሉ ለየትኛው ቀን እንደተያዘ ሳታውቅ አዎም አይደለምም አትበል፤
  ቀኑን ጠይቅ።
ለምን፦ መልሱ በቀኑ ይለያያል። ሰው "አዎ" ከሰማ ቀሪውን አይጠብቅም።
```

ይህ ለሦስቱም ይሠራል። የድምፁን መልክም «አንድ ትንፋሽ ያህል ተናገር፣ ደንበኛው ሲፈልግ ቀጥል፤ ሁኔታ ያለበትን መልስ ግን ሁኔታውን ቆርጠህ አትስጥ» ብለን ቀየርነው። በቁጥር የሚወስን መስመር መልክ ውስጥ ስታዩ ተጠራጠሩት። «ሦስት ነጥብ ብቻ» ካላችሁ አራተኛው የት ይሄዳል?

ቀን ካነሳን፤ ቦቱ የዘመን አቆጣጠር እንዲያሰላ አትተዉት። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን 20 ይሆናል፣ በ2016 ዓ.ም እንደሆነው። የዘንድሮውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ደንቡ ውስጥ አስቀምጡ፤ በየመስከረሙም አድሱት።

በር አትጥቀሱ፣ ሁኔታ ጥቀሱ

ከሥልጠናው ሁሉ ልጆቹን ያስቸገራቸው ይህ ነው። አንዳንድ ደንብ በእውነት በየበሩ የሚለያይ ይመስላል። በአፑ የገባ ሰው የይለፍ ቃል አስገብቶ ነው፤ ማን እንደሆነ ይታወቃል። የደወለ ሰው ግን አይታወቅም። ስለዚህ አንዷ «በድምፅ ከሆነ የቦታ መያዣ ቁጥር ጠይቅ» ብላ ደንብ ውስጥ ጻፈች።

ታዲያ ድረ ገጹ ላይ ሳይመዘገብ የሚጠይቅስ? እሱም አይታወቅም። ደንቧ ግን ድምፅ ብቻ ስለሚል፣ ድረ ገጹ ላይ ያለው ቦት የሌላ ሰው ጉዞ ለማንም ሊናገር ነው። ትክክለኛው «የደንበኛው ማንነት ካልተረጋገጠ፣ ስለ ጉዞው ከመናገርህ በፊት የቦታ መያዣ ቁጥሩንና ያስመዘገበውን ስልክ ጠይቅ» የሚለው ነው። `rules.txt` ውስጥ «ድረ ገጽ»፣ «አፕ»፣ «ስልክ ጥሪ» የሚል የበር ስም ካገኛችሁ ቆም በሉ። ከጀርባው የተደበቀ ሁኔታ አለ። እሱን ፈልጋችሁ ጻፉት።

ጀርባ ለጀርባ

ማሽኑ ላይ ከመጫናችሁ በፊት በሰው ሞክሩት። ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አድርጉ። አንዷ ደንበኛ፣ አንዱ ቦት ይሁን። ቦት የሆነው በእጁ ፕሮምፕቱ ብቻ አለ፤ ከዚያ ውጪ የሚያውቀውን መናገር አይፈቀድለትም። ይሄ ነው ከባዱ። እኛ ጋ ሲሞከር ደንበኛ የሆነችው «ጋሼ፣ ደባርቅ ስንደርስ ምሳ አለ?» አለችው። ቦቱ አፉን ከፈተ፤ መልሱን ያውቃል፣ ስንት ጊዜ ሄዷል። ወረቀቱን አገላበጠ። የለም። ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው የምትፈልጉት፤ እዚያ ላይ ማሽኑ ዝም አይልም፣ ከራሱ ይፈጥራል። ዝም ያለበትን ሁሉ መዝግቡና ወይ ደንቡን ጨምሩ፣ ወይ «ይህን አላውቅም፣ ከሰው ጋር ላገናኝዎት» የሚል መውጫ ጻፉለት።

ፈተናው

12 ጥያቄ ምረጡ፤ ደንበኞች በእውነት ከጠየቁት፣ በራሳቸው አባባል። እያንዳንዱን በሦስቱም በር፣ በየበሩ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠይቁ። 108 መልስ ይሆናል፤ ለስድስት ሰው 18 ይደርሳል። ሦስት ጊዜ የሚጠየቀው ቦቱ ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ ስለማይሰጥ ነው።

መልሶቹን ስታስተያዩ ቃላቱን አትዩ። ድረ ገጹ በሰንጠረዥ፣ ስልኩ በአንድ ትንፋሽ ቢመልስ ጤነኛ ነው። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ አንድ ነገር ጻፉ፦ ደንበኛው ይህን ሰምቶ ምን ያደርጋል? «ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 11 ይመጣል» የሚል በሦስቱም ከተጻፈ አልፏል። አንዱ ጋ «ረፋድ ይመጣል» ከተባለ ወድቋል።

ስህተቱ የት እንዳለም ከዚያው ታያላችሁ። ሦስቱም በሮች ከሳቱ ጥፋቱ ደንቡ ላይ ነው። አንዱ በር ብቻ ከሳተ መልኩን ክፈቱ። አንዱ በር ከሦስት ጊዜ አንዴ ብቻ ከሳተ፣ ደንቡ ለሁለት የሚተረጎም ቃል አለበት፤ ሁለት ሰው ለየብቻ አስነብቡና ምን እንደተረዱ ጠይቁ። ባረማችሁ ቁጥር 12ቱንም ጥያቄ ድገሙ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

ፕሮምፕት የማያስተካክለው ነገር አለ። የመኪና ጥሩምባ መሐል ቆሞ የሚደውል ሰው ሲናገር፣ ማሽኑ ወደ ጽሑፍ ሲቀይረው የሚጠፋው ቃል ቦቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው የሚጠፋው። ለዚህ የድምፁ መልክ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፤ ሁለት ጊዜ መልሶ አረጋግጦ ካልተግባቡ ወደ ሰው ያስተላልፋል። ሌሊት ከሆነ ስልኩ የሚጠራው ተረኛዋ ልጅ ጋ ነው።